የካሣዬ ማስተር ፕላን

ሰበታ ውስጥ ማስተር ፕላን አውጥቶ ግድግዳ ላይ የለጠፈ የመጀመሪያው ሰው ካሣዬ ነው። መንግሥት የራሱን ያወጣው ከስንት ዓመት በኋላ ነው፤ ያውም ማንም አላየውም። የካሣዬን ግን ያላየ አልነበረም። የተከራየው አንዲት ክፍል ስለሆነች ወደ ውስጥ የዘለቀ እንግዳ ሌላ የሚያየው ነገር አልነበረውም።

ካሣዬ ከሆሳዕና አካባቢ መጥቶ በአንድ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የማሽን ጥገና ሠራተኛ የሆነ፣ ቁመቱ አጭር፣ ሐሳቡ ረጅም ሰው ነው። የሚኖረው አዴ ድንቅቱ ግቢ ነበር። አዴ ድንቅቱ ባላቸው የሞተባቸው የኦሮሞ እናት ናቸው። ከተማው ውስጥ አራት የኪራይ ክፍል ያለው ግቢ አላቸው፤ ከከተማው ወጣ ብሎ ደግሞ ከአባታቸው የወረሱት ግማሽ ሄክታር የሚሆን የጤፍ ማሳ። ግቢያቸው ሕግ የበዛበት ነበር። አምፖል ከአርባ ሻማ አይበልጥም። ልብስ የሚታጠበው ማክሰኞና ቅዳሜ ብቻ ነው። እንግዳ ከሦስት ቀን በላይ ካደረ እንግድነቱ ይቀርና ኪራይ ይታሰብበታል። ካሣዬ ፕሮቴስታንት ስለሆነ ለእሱ ለብቻው የወጣ አንቀጽም ነበር፤ መዝሙር ይፈቀዳል፣ ጭብጨባ ግን ላሟን ስለሚያስደነግጣት ክልክል ነው።

ነገሩ የተጀመረው ጣቢታን ያገባ ሰሞን ነው። አዴ ድንቅቱ ሙሽራዋን ስመው፣ መርቀው፣ ዳቦ ቆርሰው ሰጧትና እግረ መንገዳቸውን ኪራዩን ጨመሩ። «ሁለት ሆናችኋል ልጄ፤ ውሃውንም ሁለት ሰው ነው የሚጠጣው» አሉ።  በሳምንቱ ጣቢታ ከባሏ ጋር ተጣልታ በሩን ስትወረውረው አዴ ድንቅቱ ከጓሮ ሮጠው መጡና ማጠፊያውን እያገላበጡ መረመሩ። የእሷን ዕንባ ዞር ብለው አላዩትም። ማታ ጣቢታ ባሏን እንዲህ አለችው።

«ካሣ፣ የራሳችን በር ይኑረን። አንተን ስጣላ እንደ ልቤ የምወረውረው።»

ካሣዬ ሚስቱ ወርቅ ብትጠይቀው ይስቅ ነበር፤ በር ስትጠይቀው ግን ልቡ ተነካ። ማንም መጥቶ «ልቀቅ» የማይለው በር እሱም ኖሮት አያውቅም።

በዚያው ሰሞን ፋብሪካው መጋዘን ሊያሠራ መሐንዲስ አስመጥቶ ነበር። መሐንዲሱ ጠረጴዛ የሚያክል ወረቀት ዘርግቶ ሲያይ ካሣዬ ጠጋ ብሎ ምንነቱን ጠየቀው። «ማስተር ፕላን ነው። የዛሬ አሥር ዓመት እዚህ ግቢ የሚኖረው ነገር ሁሉ ከአሁኑ ተጽፏል» አለው። ካሣዬ ቃሉን እንደ ከረሜላ አፉ ውስጥ እያገላበጠ ወደ ቤቱ ገባ። የሁለት ሺህ ዓመተ ምህረት እንቁጣጣሽ ዕለት፣ አገር ሁሉ ለሚሊኒየሙ ሲጨፍር፣ እሱ የአሮጌ ካላንደር ጀርባ ላይ በቀይ እስክሪብቶ «የካሣዬ ማስተር ፕላን፣ ከ2000 እስከ 2010» ብሎ ጻፈ። ሰፈሩም ዝም አላለም። መስከረም ሳያልቅ ካሣዬ የሚለው ስም ቀርቶ ማስተር ፕላን ተባለ። አዴ ድንቅቱ ሳይቀሩ ጠዋት ጠዋት «ማስተር ፕላን፣ ቧንቧውን ዝጋ» ይሉት ጀመር።

ፕላኑ ሲያዩት ቀላል ነበር። ካሣዬ ደሞዝ ሲቀበል መጀመሪያ ለቤተ ክርስቲያን አስራቱን ያወጣል። «የመጀመሪያውን አሥረኛ ጌታ ከወሰደ፣ ሁለተኛውን አሥረኛ ቤቱ ይውሰድ» አለ። የተረፈውን እቆጥባለሁ ማለት እንደማያዋጣ ገብቶታል፤ ከደሞዝ የተረፈ ነገር አይቶ አያውቅምና። ስለዚህ ሁለተኛው አሥረኛ እጁ ሳይገባ ከደሞዙ ላይ እየተቆረጠ ወደ ሠራተኞቹ የቁጠባና ብድር ማኅበር እንዲሄድ ፈረመ። ደሞዝ በተጨመረ ቁጥር ደግሞ የጭማሪው ግማሽ እንዲከተለው አደረገ። ጣቢታ በበኩሏ ዳቦ ቤት ተቀጥራ ከምታገኘው በየሳምንቱ ባለሱቋ ወይዘሮ አረጋሽ የሚሰበስቡት እቁብ ውስጥ ትጥላለች።

ፕላኑ ላይ የሚደረገው ብቻ ሳይሆን የማይደረገውም ሰፍሮ ነበር። ሥጋ ለገናና ለፋሲካ ብቻ። ጫማ ሶሉ አልቆ እግር መሬት ካልነካ አይገዛም። ዘመድ ሲያገባ አንዳችን እንሄዳለን፣ ሌላችን ታመናል። በዚህ በመጨረሻው ምክንያት ሆሳዕና ያሉ ዘመዶች ጣቢታን ለሰባት ዓመት ሲጸልዩላት ኖረዋል።

የመጀመሪያው እቁብ የወጣላቸው በ2002 ሐምሌ ነው። ካሣዬ የጣሪያ ቆርቆሮ ዋጋ ጠይቆ፣ «ምን ያስቸኩለኛል» ብሎ ብሩን ባንክ አስቀመጠ። በነሐሴ መጨረሻ ብር ከዶላር አንጻር ረከሰ የሚል ወሬ ተሰማ። ካሣዬ ዶላር በዓይኑ አይቶ ስለማያውቅ አልደነገጠም። ወር ቆይቶ ሱቁ ሲሄድ ግን አርባ ቆርቆሮ ይገዛ የነበረው ብር ሠላሳ ሦስት ብቻ ገዛ። ሰባቱን ቆርቆሮ ማን እንደወሰደበት ሦስት ቀን አሰበ፤ የሚከሰው ሰው ግን አጣ። ከዚያ ወዲህ ሕግ ወጣ፤ እቁብ በወጣ ማግስት ብሩ ቆርቆሮ ይሆናል። ሲሚንቶ ልግዛ ሲል የከለከሉት አዴ ድንቅቱ ናቸው። «ሲሚንቶ ሲቀመጥ ድንጋይ ይሆናል፤ ድንጋይ ከፈለግህ ጓሮዬ ሞልቷል» አሉት።

ሌላ ቦታ ስለሌለ ቆርቆሮው አልጋ ሥር ገባ። አልጋው ሥር ሲሞላ አልጋው ተሸጠና ፍራሹ ቆርቆሮው ላይ ተነጠፈ። እቁብ እየወጣ በሄደ ቁጥር መኝታውም ከፍ እያለ ሄደ። ልጃቸው ሀሴት ስትወለድ ጣቢታ ለመተኛት በርጩማ ላይ ትወጣ ነበር፤ አራስ ጥየቃ የመጡ ሴቶችም ቀና ብለው ነው «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ያሏት። ባልና ሚስቱ አንዳቸው በተገላበጡ ቁጥር ነጎድጓድ የመታ ይመስል ግቢው በሙሉ ይነቃል። አዴ ድንቅቱ አንድ አንቀጽ ጨመሩ፤ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት በኋላ መገላበጥ ክልክል ነው።

ቆርቆሮው ጣሪያ ነው፤ ጣሪያ ደግሞ መሬት ይፈልጋል። ለዚህ ወንዳፍራሽ መጣ። ወንዳፍራሽ ጎጃም በር ላይ ድንች ሲነግድ ቆይቶ ደላላ የሆነ፣ መሬት በካሬ ሳይሆን በወሬ የሚሸጥ ሰው ነው። በ2004 ጥር ካሣዬን ሱሉልታ ወስዶ ለምለም ሜዳ አሳየው። ሯጮች በሰልፍ ሲያልፉ ወንዳፍራሽ እጁን ዘረጋና፣ «ጎረቤቶችህ እነዚህ ናቸው። ወርቅ እንኳ መበደር ትችላለህ» አለው። ዋጋው ርካሽ ነበር። ካሣዬ ልቡ ሸፈተ።

ማታ ለአዴ ድንቅቱ ቢያወራቸው ሳቁበት። «መሬት የሚታየው በሐምሌ ነው። በጥር ሁሉም መሬት ቆንጆ ነው» አሉት።

ካሣዬ እስከ ሐምሌ ታገሠና ብቻውን ሄደ። ሜዳው የለም። አንድ ገበሬ አግኝቶ ቦታውን በምልክት ነግሮ ቢጠይቀው ገበሬው ውሃ ውሃውን ሲያይ ቆየና፣ «ያቺ ዳክዬ የምትዋኝበት ጋ ነው» አለው። ወንዳፍራሽን ሄዶ ሲወቅሰው ደላላው ቅር ተሰኘ። «የውሃ ችግር የለበትም ብዬህ ነበር እኮ» አለው።

በቀጣዩ ዓመት ወንዳፍራሽ ቡራዩ የማይገኝ ቦታ ተገኘ ብሎ መጣ። ካሣዬ ግን ተምሯል። ቀብድ ከመስጠቱ በፊት የሻጩን ወረቀት ኮፒ ይዞ ማዘጋጃ ቤት ሄደ። የመዝገብ ቤቱ ሠራተኛ ወረቀቱን አየና፣ «ይሄ የእርሻ ግብር ደረሰኝ ነው፤ ካርታ አይደለም። መሬት ራሱ አይሸጥም ወንድሜ፤ የሚተላለፈው ካርታ ያለው ይዞታ ላይ የተሠራ ቤት ነው። እሱም እዚህ መጥታችሁ፣ ፋይሉን አይተን፣ እገዳ አለመኖሩን አረጋግጠን ነው» አለው። ካሣዬ ይህንን ለወንዳፍራሽ ሊነግረው ቦታው ድረስ ቢሄድ አምስት ሰዎች አምስት ሜትር ይዘው ያችኑ መሬት ሲለኩ አገኘ። አምስቱም ቀብድ ከፍለዋል። ወንዳፍራሽ ከታክሲ ወርዶ አምስቱን በአንድ ላይ ሲያያቸው በዚያችው ታክሲ ተመልሶ ገባ። ሰዎቹ መጀመሪያ ሊደባደቡ ነበር፤ ኋላ ለጠበቃ የሚሆን ገንዘብ እናዋጣ ተባባሉ። ደላላው ተጨንቆ ቀብዱን ከፋፍሎ ሲመልስላቸው እነሱ መሰብሰቡን አልተዉም። አሁን እቁብ ሆኗል፤ ካሣዬም ሳይፈልግ ጸሐፊ ተደርጓል።

ስለዚህ በ2005 ካሣዬ ቀጥተኛውን መንገድ ያዘ። ሃያ አራት የፋብሪካ ሠራተኞች የቤት ሥራ ኅብረት ሥራ ማኅበር መሠረቱና ተመዘገቡ። ደንቡ ከባድ ነበር። እያንዳንዱ አባል የከተማው ነዋሪ መሆን፣ በሌላ ቦታ በስሙ ቤትም መሬትም አለመኖሩን ማረጋገጥ፣ ከቤቱ ግንባታ ወጪ ላይ የተወሰነውን ድርሻ ቀድሞ በማኅበሩ ዝግ ሂሳብ ማስገባት አለበት። ዝግ ሂሳብ ማለት ብሩ ሲገባ በር አለው፣ ሲወጣ የለውም። ካሣዬ የአምስት ዓመቱን ሁለተኛ አሥረኛ እዚያ አስገባ፤ በየወሩም እየጨመረበት ሄደ። ከዚያ የቀረው መሬት መጠበቅ ነበር።

መሬት ሲጠበቅ 2006 ሚያዝያ መጣ። የአዲስ አበባና የዙሪያዋ ከተሞች ማስተር ፕላን የሚባል ነገር ተሰማ። ሰበታም፣ ቡራዩም፣ ሱሉልታም ውስጡ አሉ ተባለ። ተማሪዎች ሰልፍ ወጡ፤ ልጆች ሞቱ የሚል ወሬ መጣ፤ ገበሬው እንቅልፍ አጣ። ቀልድ የሚያምርበት ጊዜ አልነበረም። ካሣዬም የዚያን ሰሞን በስሙ ሳቢያ መንገድ መሄድ ፈራ። አንድ ቀን መናኸሪያ አጠገብ የፋብሪካ ጓደኛው ከማዶ ሆኖ «ማስተር ፕላን፣ ቆየኝ» ብሎ ሲጣራ ለታክሲ የተሰለፈው ሰው በሙሉ ዞሮ አየው። ካሣዬ እሱም ሌላ ሰው የሚፈልግ መስሎ አብሯቸው ዞረ።

ወሬ ግን እግር አለው። «ማስተር ፕላኑ አዴ ድንቅቱ ግቢ ውስጥ ግድግዳ ላይ ተለጥፏል» ተብሎ ተወራ። በአንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ጣቢታ በሩን ስትከፍት ጋቢ የለበሱ ሃያ የሚሆኑ ገበሬዎች ግቢው ውስጥ ቆመዋል። ጮኸው አልመጡም፤ ዱላቸውን በር ላይ ደርድረው፣ ባርኔጣቸውን አውልቀው ነው የቆሙት። ከሁሉ በዕድሜ የሚበልጡት ሽማግሌ ወደ ካሣዬ ቀረቡ።

«አካም ጅርታ፣ ልጄ። ወረቀቱ አንተ ጋ አለ አሉን። ለፍቲ ኮ ኤሳ ጅራ? የእኔ ማሳ በየት በኩል ነው? ገብቷል ወይስ ተርፏል? እሱን ብቻ ንገረንና እንሄዳለን።»

 «አባባ፣ የእኔ ነው፤ የእኔ የግሌ ነው እኮ» አለ ካሣዬ።

«ያንተ ከሆነማ ደግ ነው፤ አንተ ታውቀዋለህ» አሉ ሽማግሌው።

ከኋላቸው ወንዳፍራሽ ብቅ አለ። እሱ የመጣው ኮፒ ለመግዛት ነበር፤ የት መሬት እንደሚወደድ ቀድሞ ለማወቅ። ማንም ሳይጋብዘው ገብቶ ቆርቆሮው ላይ ወጣና የካላንደሩን ጀርባ ጮክ ብሎ ያነብ ጀመር። «ምዕራፍ አንድ። ሥጋ ለገናና ለፋሲካ ብቻ።» ሽማግሌው ጆሯቸውን አቀረቡ። «ጫማ ሶሉ አልቆ እግር መሬት ካልነካ አይገዛም።» ገበሬዎቹ እግራቸውን አዩ። «ዘመድ ሲያገባ አንዳችን እንሄዳለን፣ ሌላችን ታመናል።»

ሽማግሌው ረጅም ጊዜ አሰቡና፣ «ይሄስ ከሰማነውም የባሰ ነው» አሉ።

ካሣዬ መሬት ተከፍቶ ቢውጠው ወደደ። ጣቢታ ግን ሳቋን መቆጣጠር አቃታት፤ ሳቋ አዴ ድንቅቱን ያዛቸው፤ ከአዴ ድንቅቱ ወደ ሽማግሌው ተሻገረ። ነገሩ ሲገለጥላቸው ሃያው ገበሬ ዕንባቸው እስኪፈስ ሳቁ። ሲያበቁ ግን ማንም ቶሎ አልወጣም። ያን ሁሉ መንገድ መጥተው የፈለጉትን ወረቀት አላገኙም፤ የሚያሳያቸውም አልነበረም። ሽማግሌው ሲወጡ የካሣዬን ትከሻ መታ አድርገው፣ «ያንተ ቢያንስ ተለጥፏል» አሉት። ይህ ንግግር የካሣዬን ልብ አሳመመው።

ቀበሌው ስብሰባ ተደረገ የሚል ጥቆማ ደርሶት በማግስቱ ሁለት ሰዎች መጡ። ፕላኑን ከግድግዳ ላይ አውርደው «ለማጣራት» ወሰዱት። ካሣዬ በየሳምንቱ እየሄደ ሲጠይቅ «ለበላይ አካል ተልኳል» ይሉታል። አንድ ጊዜ የቀበሌው ጸሐፊ ወደ ጎን ወሰደውና፣ የሥጋዋን ነጥብ እሱም ቤቱ እንደጀመራት በሹክሹክታ ነገረው። በ2008 ጥር ሬዲዮ «ማስተር ፕላኑ ሙሉ በሙሉ ተሰርዟል» ሲል ካሣዬ ፊቱን ሲታጠብ ነበር። ሳሙናው ዓይኑ ውስጥ እንዳለ ወጥቶ፣ «ሳያማክሩኝ?» አለ።

ፕላኑ ቢሰረዝም ሁከቱ አልበረደም፤ የመሬት ሥራም ቆመ። ማዘጋጃ ቤቱ ሁሉንም ማኅበር «ጠብቁ» አለ። በ2009 መጀመሪያ ደግሞ የባሰው መጣ። ፋብሪካው ተቃጠለና ካሣዬ ስድስት ወር ያለ ሥራ ቆየ። ጣቢታ ዳቦ ቤት የምታገኘው ለኪራይና ለሽሮ እንኳ በቅጡ አይበቃም። ካሣዬ ዝግ ሂሳቡን ሊያስከፍት ባንክ ሄደ። የባንኩ ሠራተኛ የሃያ አራቱም አባላት ቃለ ጉባኤ ከማዘጋጃ ቤቱ ደብዳቤ ጋር እንዲያመጣ ነገረችው። ሃያ አራቱን መሰብሰብ አይሞከርም፤ ግማሾቹ ወደ አገራቸው ሄደዋል። ካሣዬ ባንኩን፣ ዝግ የሚለውን ቃልና ማኅበር የሚባል ነገርን በሙሉ ረገመ። ቆርቆሮውን ልሽጥ ሲል ጣቢታ ላዩ ላይ ተኝታ አልነሣም አለች። ከባድ ሰው አልነበረችም፤ ግን የዚያን ቀን ማንም ሊያነሣት አልቻለም።

አዴ ድንቅቱ በእነዚያ ስድስት ወራት ኪራይ አልጠየቁም። ምክንያቱን ሲጠይቃቸው ተቆጡት። «ዝም በል። ጠፍቶኝ ነው» አሉት። ይህን ሁሉ ሕግ ያወጣ ሰው ኪራይ እንደማይጠፋው ካሣዬ ያውቃል። ፋብሪካው ሲከፈት ብሩም ቆርቆሮውም እንዳለ ነበር። ዝግ ሂሳቡ ክፍት ቢሆን ኖሮ በሁለተኛው ወር ያልቅ እንደነበር ስለገባው ባንኩን በልቡ ይቅርታ ጠየቀ። በ2010 ጥቅምት ብር እንደገና ሲረክስ ቆርቆሮው በአንድ ሳምንት ውስጥ ተወደደ። ካሣዬ ያን ማታ ፍራሹ ላይ ወጥቶ እንደ ንጉሥ ተኛ፤ ሆን ብሎም ሁለቴ ተገላበጠ።

በዚያው ዓመት የካቲት የማኅበሩ መሬት ተፈቀደ ተባለ። ለእያንዳንዱ አባል መቶ አርባ ካሬ። የአሥር ዓመት ምኞት። ካሣዬ ቦታውን ለማየት ከሊቀመንበሩ ጋር ሄደና ቀያሾቹ የተከሉትን ችካል አየ። የሃያ አራቱ ቦታ በሙሉ የተሸነሸነው አዴ ድንቅቱ የጤፍ ማሳ ላይ ነው። የጤፉ አገዳ ገና መሬቱ ላይ ነበር።

ቤት ገብቶ ለጣቢታ ነገራት። «እተወዋለሁ» አላት።

ጣቢታ ቆርቆሮውን አየች፣ ልጇን አየች፣ ከዚያ እሱን። «ተወውና አብሬህ እከራያለሁ። ግን መጀመሪያ ሄደህ ራሳቸውን ጠይቅ። ስለ እሳቸው ሳይጠይቋቸው የሚወስን ሰው በዝቷል» አለችው።

አዴ ድንቅቱ ደጃቸው ላይ ተቀምጠው ነበር። ካሣዬ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ተናገረ፤ ማኅበሩን እንደሚለቅም ነገራቸው። 

«ብትለቅ መሬቱ ለእኔ ይመለሳል?» አሉት ሲጨርስ።

«አይመለስም፣ አዴ።»

«ታዲያ ምን ትለፋለህ? ሌላ ይጽፋሉ። የማላውቀው ሰው ይመጣል።» ነጠላቸውን አስተካከሉ። «ካሣውን ሰጥተውኛል፤ ለማንም አላወራሁም እንጂ። የአምስት ዓመት ምርቴን አማካይ ወስደው በአሥር አባዙት። አንተ አሥር ዓመት ቆጥበህ ገባህ፤ እኔን የአሥር ዓመት ጤፍ ሰጥተው አስወጡኝ። ከአሥራ አንደኛው ዓመት ጀምሮ እንጀራ አልበላም መሰላቸው?»

ካሣዬ ማልቀስ ፈልጎ ነበር፤ ግን የሚያለቅሰው እሱ መሆኑ አሳፈረው።

«አንተ ላይ አይደለም የተናደድኩት» አሉ አዴ ድንቅቱ። «አንተ ላይ የምናደደው በቧንቧው ነው። ሂድ፣ እጣህን አውጣ። ጃባዱ፤ በርታ።»

እጣው ወጣ፤ ቁጥር አሥራ ሰባት። የርክክቡ ዕለት አባላቱ ሚስት፣ ልጅ፣ ጎረቤት እያስከተሉ ሜዳው ላይ ፈሰሱ። አንዱ ከአሁኑ ሳሎኑ የት እንደሚሆን በእርምጃ እየለካ ሌላው ቦታ ውስጥ ገብቶ ተጣላ። ሌላው የፎቅ ደረጃ የት እንደሚውል ያሰላል፤ ያለው ብር ግን ለመጸዳጃ ቤት እንኳ አይበቃም። ካሣዬ፣ ጣቢታና ሀሴት አሥራ ሰባት ቁጥር ችካል አጠገብ ቆሙ። አዴ ድንቅቱ ሳይጠሩ መጥተው ትንሽ ራቅ ብለው ቆመዋል። ካሣዬ ጫማውን ከአፈሩ ለማንሣትም ለመርገጥም ፈራ።

ቀያሹ መዝገቡን ይዞ ሲዞር እነሱ ጋ ደረሰ። ፀሐዩ አድክሞት ስለነበር ቀና ሳይል ጠየቀ።

«የዚህ ቦታ ባለቤት ማን ነው?»

ካሣዬ ይህንን ጥያቄ አሥር ዓመት ጠብቆታል። ሥጋ ያልበላው፣ ቆርቆሮ ላይ የተኛው ለዚህ ጥያቄ ነው። አፉን ከፈተ፤ ከኋላው ግን ቀድሞ ድምፅ ወጣ።

«እኔ ነኝ» አሉ አዴ ድንቅቱ።

አላሰቡበትም፤ ከስድሳ ዓመት ልማድ የወጣ መልስ ነው። ቀያሹ ቀና ብሎ አንዴ አሮጊቷን፣ አንዴ መዝገቡን አየ። ዙሪያው ያሉት አባላት ጠጋ ጠጋ አሉ። አዴ ድንቅቱም ያሉትን ሲሰሙት ደነገጡ፤ አፋቸውን በነጠላቸው ጫፍ ሸፈኑ።

ካሣዬ ዞሮ አያቸው። ከዚያ ወደ ቀያሹ ተመለሰ።

«አዎ፣ የቦታው ባለቤት እሳቸው ናቸው» አለ። «እኔ ፈራሚው ነኝ።»

ቀያሹ ቀልድ መስሎት ሊስቅ ነበር፤ የሰዎቹን ፊት ሲያይ ተወው። መዝገቡን ዘርግቶ የሚፈረምበትን መስመር በጣቱ አሳየ። ካሣዬ እስክሪብቶውን ይዞ መፈረም አቃተው። ጣቢታ ክንዱን ያዘችው።

አዴ ድንቅቱ ቀስ ብለው መጥተው አጠገቡ ቆሙ። ጎንበስ ብለው ከችካሉ ሥር አንድ እፍኝ አፈር ዘገኑ፤ በነጠላቸው ጫፍ ቋጠሩት።

«ፈርም እንጂ ልጄ» አሉት። «ሰው እየጠበቀ ነው።»

ካሣዬ ፈረመ።